ታግዶ የሚጠብቅ ሠራተኛ፦ ደመወዙና የቀኑ ቆጠራ

በቡና እርሻዎቻችንና በቡና ማጠቢያ ጣቢያዎቻችን የሚጻፉ የእገዳ ደብዳቤዎች አጫጭር ናቸው። ብዙውን ጊዜ «ጉዳይዎ ተጣርቶ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራና ከደመወዝ ታግደዋል» ከሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አያልፉም። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ከባድ ውሳኔዎች አሉ። አንደኛው ደመወዙ የሚቋረጥ መሆኑ፣ ሁለተኛው ደግሞ እገዳው ማብቂያ የሌለው መሆኑ ነው። «እስኪሰጥ ድረስ» ማለት ቀን አይደለም። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚከራከረው ሁለቱም ውሳኔዎች፣ ቢያንስ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በሚተዳደር የሥራ ውል ላይ፣ አሠሪው በራሱ ሥልጣን ሊወስናቸው የሚችሉ አይደሉም በማለት ነው። ክርክሩ የትም ቦታ ሊነሣ ይችላል። በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢያቸው ግን የቡናው ወቅት አጭር፣ የአሠሪው ዋና መሥሪያ ቤት ሩቅ፣ የሠራተኛውም የገቢ ምንጭ አንድ ብቻ በመሆኑ፣ በሌላ ቦታ እንደ ቀላል የሚታየው የአንድ ወር መጠበቅ እዚህ የዓመት ኑሮን ሊወስን ይችላል።

አስቀድሞ የምንነጋገርበትን እገዳ ከሌሎቹ መለየት ያስፈልጋል፤ በተግባር የሚታየው ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይጀምራልና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከአንቀጽ 17 ጀምሮ «ከሥራ ውል የመነጩ መብቶችና ግዴታዎች ለጊዜው ስለሚታገዱበት ሁኔታ» ይደነግጋል። በዚያ የተዘረዘሩት ምክንያቶች ሠራተኛው ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሲወስድ፣ ከ30 ቀን ለማይበልጥ ጊዜ ሲታሰር፣ ብሔራዊ ጥሪ ሲደርሰው፣ ድርጅቱ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሥራ ሲያቆም የሚያጋጥሙ ናቸው። በእነዚህ ጊዜ ሕጉ በግልጽ ደመወዝ የመክፈል ግዴታው እንደሚቋረጥ ይናገራል። የዲሲፕሊን ጥርጣሬ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በምርመራ ምክንያት ሠራተኛን ከሥራ አግዶ ስለማቆየት የሚናገረው ሌላ ቦታ ነው፤ ያለ ማስጠንቀቂያ የሥራ ውል ስለሚቋረጥበት ሁኔታ በሚደነግገው በአንቀጽ 27 መጨረሻ ላይ በንዑስ አንቀጽ 4። ይዘቱም ባጭሩ ይህ ነው፦ አሠሪው ውሉን ከማቋረጡ በፊት ሠራተኛውን ከሥራ አግዶ የሚያቆይባቸው ምክንያቶች በኅብረት ስምምነት ሊወሰኑ ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ ለእገዳው ጊዜ ጣሪያ ተቀምጦለታል። ጣሪያው በወር የሚለካ እንጂ በወራት የሚለካ አይደለም። ስለ ደመወዝ ንዑስ አንቀጹ አንድም ቃል አይተነፍስም።

የሥራ አስኪያጆች «ሕጉ ውል ሲታገድ ደመወዝ አይከፈልም ይላል» ሲሉ የሚጠቅሱት የመጀመሪያውን ክፍል ነው፤ የሚጠቀሙበት እገዳ ግን የሁለተኛው ነው። ሁለቱ «እገዳ» የሚለውን ቃል ከመጋራታቸው በቀር ምክንያታቸውም ውጤታቸውም የተለያየ ነው።

ከንዑስ አንቀጹ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ማን ሊያግድ ይችላል የሚለው ነው። «በኅብረት ስምምነት ሊወሰኑ ይችላሉ» የሚለው አነጋገር ሁለት ንባብ ይቀበላል። አንዱ ንባብ አሠሪው ቀድሞውንም የማገድ ሥልጣን አለው፣ የኅብረት ስምምነት ምክንያቶቹን ሊያጠብብበት ብቻ ይችላል የሚል ነው። ሌላው ንባብ ሥልጣኑ የሚመነጨው ከስምምነቱ ነው፣ ስምምነት በሌለበት እገዳ የለም የሚል ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ። የሥራ ውል የሁለት ወገን ውል ነው፤ አንዱ ወገን የሌላውን ዋና መብት ለብቻው የሚያቆምበት ሥልጣን በሕግ ወይም በስምምነት ተለይቶ ካልተሰጠ በግምት አይገኝም። ሕግ አውጪው ምክንያቶቹን ለሁለቱ ወገኖች ድርድር የተወው፣ ሥልጣኑ ያለ ድርድር እንዲሠራበት አስቦ ቢሆን ኖሮ ከስምምነቱ ጋር ማያያዙ ትርጉም አይኖረውም ነበር።

ይህ ንባብ በአካባቢያችን የሚያስከትለው ውጤት ቀላል አይደለም። እንደ በበቃና ቴፒ ያሉት፣ ቀድሞ የመንግሥት እርሻ የነበሩ ሰፋፊ ልማቶች የሠራተኛ ማኅበርና የድርድር ልማድ ያወረሱ ናቸው። በየቀበሌው የሚገኙት አነስተኛ የግል ማጠቢያ ጣቢያዎችና በባለሀብት የተያዙ መለስተኛ እርሻዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ማኅበርም የኅብረት ስምምነትም የላቸውም። ስለዚህ እገዳው ይበልጥ በዘፈቀደ የሚፈጸመው መሠረቱ እጅግ ደካማ በሆነበት ቦታ ነው ማለት ነው። በእነዚህ ቦታዎች አሠሪው ተጠርጣሪውን ከመጋዘኑ ማራቅ አይችልም እያልሁ አይደለም። ሥራ የሚመራው እሱ ነውና «ለጊዜው ወደ ሥራ ቦታ አትግባ» ለማለት ይችላል። ይህ ግን የሥራ ትእዛዝ ነው እንጂ የደመወዝ መቁረጫ አይደለም።

ወደ ደመወዙ ስንመጣ ዋናው ጽሑፍ አንቀጽ 54 ነው። መርሑ የታወቀ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ ብቻ ነው። አሠሪዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ቀጣዩ ንዑስ አንቀጽ ግን ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ የሥራ መሣሪያና ጥሬ ዕቃ ባለመቅረቡ ወይም እሱ ምክንያት ባልሆነበት ሁኔታ ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙን የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እንግዲህ ጥያቄው የታገደው ሠራተኛ ሥራ ያልሠራው «እሱ ምክንያት በሆነበት» ነው ወይስ አይደለም የሚል ይሆናል።

አሠሪው የሚሰጠው መልስ ምክንያቱ የሠራተኛው ጥፋት ነው የሚል ነው። ነገር ግን ምርመራ የሚደረገው ጥፋት መኖሩ ስላልታወቀ ነው። ታውቆ ቢሆን ኖሮ አንቀጽ 27 ውሉን ወዲያውኑ ለማቋረጥ ይፈቅድለት ነበር፤ እገዳ አያስፈልገውም። ሠራተኛውን ከሥራ ያራቀው ያልተረጋገጠ ጥርጣሬና አሠሪው ማስረጃውን ለመጠበቅ ያለው ፍላጎት ነው። ፍላጎቱ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ የአሠሪው ፍላጎት መሆኑ ግን አይቀየርም፤ ወጪውም የእሱ ነው። በዚህም ላይ አንቀጽ 59 ከደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ገንዘብ ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ዕዳ ያለበት ሰው እንኳ ሁለት ሦስተኛው ደመወዙ ተጠብቆለት ሳለ፣ ገና ዕዳ መኖሩ ያልተረጋገጠበት ሰው ሙሉ ደመወዙን ያጣል ማለት ሕጉን እርስ በርሱ ማጋጨት ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የሚነሣው ጠንካራ ክርክር የሚከተለው ነው። ምርመራው ጥፋተኛነቱን ካረጋገጠ አሠሪው ያለ አገልግሎት የከፈለውን የአንድ ወር ደመወዝ ከማን ያስመልሳል? ለትልቅ እርሻ ይህ ትንሽ ነው፤ ሦስት ቋሚ ሠራተኞች ላሉት የማጠቢያ ጣቢያ ባለቤት ግን አይደለም። ክርክሩን አልንቀውም። መልሱ ግን በሕጉ አሠራር ውስጥ አለ፤ አደጋው የጣሪያውን ያህል፣ ማለትም የአንድ ወር ደመወዝ ያህል ብቻ ነው። ምርመራውን በአንድ ሳምንት የጨረሰ አሠሪ የሚከፍለው የሳምንት ብቻ ነው። ደመወዝ እየከፈለ የሚመረምር አሠሪ ለመፍጠን ምክንያት አለው፤ ደመወዝ አቋርጦ የሚመረምር ምንም አያስቸኩለውም። የጊዜ ጣሪያውን ከወረቀት አውጥቶ በሥራ ላይ የሚያውለው ደመወዙ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የመረጠው መንገድ የተለየ ስለሆነ ማነጻጸሩ ይጠቅማል፤ በአንድ ከተማ ውስጥ የዞን መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛና የእርሻ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ በአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠው ስለ «እገዳ» ሲያወሩ የሚያወሩት ስለ ሁለት ነገር ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 የማገጃ ምክንያቶችን ራሱ ይዘረዝር ነበር፤ ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ሲገመት፣ በመሥሪያ ቤቱ ንብረት ላይ ተጨማሪ ጥፋት ሊፈጽም ይችላል ተብሎ ሲጠረጠር የመሳሰሉትን። ሠራተኛው ከሥራና ከደመወዙ ታግዶ ሊቆይ የሚችለው ቢበዛ ለሁለት ወር ሆኖ፣ ከሥራ እንዲሰናበት ካልተወሰነበት በቀር የተያዘበት ደመወዝ ያለ ወለድ ይመለስለት ነበር። አዋጁ በ2010 በአዋጅ ቁጥር 1064፣ እሱም በ2017 በአዋጅ ቁጥር 1353 ተተክቷል፤ ለንጽጽሬ የሚበቃኝ ግን የ1999ኙ አቀራረብ ነው። ሕግ አውጪው ደመወዝ እንዲያዝ ሲፈልግ በግልጽ ቃል ጽፎታል፤ ጊዜውንም መመለሻውንም አብሮ ወስኗል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እንዲህ ያለ ቃል አለመኖሩ እንደ ዝንጋታ ሊታይ አይገባም። ዝምታን ለደመወዝ መያዣ ፈቃድ አድርጎ መተርጎም፣ ለመንግሥት ሠራተኛው በተጻፈለት የመመለሻ ዋስትና እንኳ የማይጠበቅ መያዣ መፍጠር ነው።

ሌሎች አገሮችም መሐል መንገድ ፈልገዋል። የሕንድ ሕግ ለታገደ የኢንዱስትሪ ሠራተኛ መተዳደሪያ አበል እንዲከፈለው ያዛል፤ ለመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት የደመወዙን ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ መዘግየቱ በሠራተኛው ምክንያት ካልሆነ ሦስት አራተኛውን። ቀኑ ሲረዝም የአሠሪው ወጪ ከፍ ይላል። በደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በአንድ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ጉዳይ፣ ለጥንቃቄ ሲባል ከሚደረግ እገዳ በፊት ሠራተኛውን መስማት ግዴታ አይደለም ሲል ወስኗል፤ ለውሳኔው ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ግን እገዳው ከሙሉ ደመወዝ ጋር በመሆኑ በሠራተኛው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የተወሰነ ነው የሚል ነበር። እኛ ዘንድ ሳይሰማ የሚታገደው ሠራተኛ ያንን ማካካሻ አያገኝም።

ስለ ጊዜው ስንናገር ሁለት ቆጠራዎችን አብረን ማየት አለብን። አንዱ ከላይ የተጠቀሰው የእገዳው ጣሪያ ነው። ሌላው በዚያው አንቀጽ በንዑስ አንቀጽ 3 የሚገኘው ነው፤ አሠሪው ውሉን ያለ ማስጠንቀቂያ የማቋረጥ መብቱ፣ ለማቋረጥ ምክንያት የሆነውን ነገር ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት ይቀራል። በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራበት እርሻ ይህ አምስት ሳምንት ነው። ሁለቱ ቆጠራዎች የሚጀምሩበት ቀን አንድ አይደለም። የእገዳው የሚጀምረው ደብዳቤው ከደረሰበት ቀን ነው፤ የማቋረጡ ግን አሠሪው «ካወቀበት» ቀን ነው፤ መጠርጠር ደግሞ ማወቅ አይደለም። ይህን በአንድ ምሳሌ ላይ ብናየው ይሻላል። ምሳሌው የታሰበ ነው፤ ቁጥሩ ግን ማንኛውም የመጋዘን ሰው የሚያውቀው ዓይነት ነው።

በአንድ የማጠቢያ ጣቢያ መጋዘን በጥቅምት ወር 200 ኩንታል ታጥቦ ገለፈቱ ያልተነሣ ቡና ገባ እንበል። ዝናቡ ስላላቆመ ቡናው በደንብ አልደረቀም፤ እርጥበቱ 14 በመቶ ነበር። የመጋዘን ኃላፊው ፀሐይ ባገኘ ቁጥር አስወጥቶ በማድረቂያ አልጋ ላይ እያዘረጋ እንደገና አደረቀው። ኅዳር 1 ቀን ድንገተኛ ቆጠራ ተደረገና 193 ኩንታል ከ26 ኪሎ ተገኘ። ወደ 7 ኩንታል የሚጠጋ ጎደለ ተባለ፤ ኃላፊውም በዚያው ቀን ታገደ። የዋናው መሥሪያ ቤት ኦዲተሮች ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት መጥተው ኅዳር 10 ቀን ሪፖርታቸውን ለሥራ አስኪያጁ ሰጡ።

አሁን መመርመር የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቡናው የአሁን እርጥበት። 200 ኩንታሉ 14 በመቶ ውኃ ከነበረበት ደረቁ ነገር 172 ኩንታል ነው። ያው ደረቅ ነገር እርጥበቱ 11 በመቶ ሲሆን 172ን ለ0.89 አካፍሎ 193 ኩንታል ከ26 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጎደለ የተባለው 6 ኩንታል ከ74 ኪሎ በሙሉ በፀሐይ የተነነ ውኃ ነው። የእርጥበት መለኪያው ይህን በደቂቃዎች ይናገራል። ሲገባ የነበረው እርጥበት በገቢ ደረሰኙ ላይ ካልተመዘገበ ግን ንጹሑን ከሌባው የሚለይ ነገር አይኖርም፤ የደረሰኙ ጉድለት ደግሞ የኃላፊው ብቻ አይደለም። ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ያ የደረቀ ቡና በእርጥብ መጋዘን ቆይቶ ወደ 12 በመቶ ቢመለስ 2 ኩንታል ከ19 ኪሎ ያህል ይጨምራል። ያን ያህል ቡና ቢሰረቅ ሚዛኑ ምንም ጉድለት አያሳይም። እርጥበት ሳይለካ በኪሎ ብቻ የሚደረግ ቆጠራ አንዱን በሐሰት ይከስሳል፣ ሌላውን በሐሰት ነጻ ያወጣል።

በዚህ ምሳሌ ሪፖርቱ ጉድለቱን በእርግጥ ስርቆት ነው ብሎ ቢደመድም፣ የሥራ አስኪያጁ ዕውቀት የሚቆጠረው ከኅዳር 10 ነው፤ የማቋረጥ መብቱም እስከ ታኅሣሥ 15 ገደማ ይቆያል። የእገዳው ጣሪያ ግን ከኅዳር 1 ተቆጥሮ በታኅሣሥ መጀመሪያ ይሞላል። በመካከል ያለው ጊዜ የሚያሳስበው ነው። አሠሪው ውሉን የማቋረጥ መብት ገና አለው፤ የማገድ መብት ግን የለውም። በእኔ አስተያየት በዚያ ጊዜ ሠራተኛው ያለ ሌላ ደብዳቤ የሥራ ቦታው ይመለስለታል፣ ወይም ቢያንስ ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ የተከለከለ ሰው ስለሆነ ሙሉ ደመወዙ ይከፈለዋል። እገዳን ማራዘም የሚባል ነገር በአዋጁ የለም። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ጣሪያው ሲሞላ በሌላ ቁጥርና ቀን ሁለተኛ የእገዳ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ምክንያቱ ያው ጉድለት እስከሆነ ድረስ ሁለተኛው ደብዳቤ የመጀመሪያው ተቀጥላ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ምርመራው የዘገየው በራሱ በአሠሪው ቸልተኝነት ከሆነስ? ኦዲተሩ ኅዳር 10 ያቀረበውን ሪፖርት ሥራ አስኪያጁ እስከ ጥር በመሳቢያ ቢያስቀምጠው፣ «ያወቅሁት ባነበብሁ ጊዜ ነው» ሊል አይገባም። ማወቅ ማለት ለመወሰን ሥልጣን ባለው ሰው እጅ በቂ መረጃ መድረሱ ነው እንጂ ሥልጣን ያለው ሰው ለማንበብ መፍቀዱ አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ አሠሪው በቸኮለ ቆጠራ ብቻ እንዲያቋርጥ ማስገደድ ለሠራተኛውም አይበጅም። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት 158ኛው ስምምነት ሠራተኛው በጠባዩ ወይም በሥራው ምክንያት ከመሰናበቱ በፊት ራሱን የመከላከል ዕድል እንዲያገኝ ይጠይቃል። በምሳሌአችን መከላከያው «እርጥበቱን ለኩ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ታግዶ ከጊቢ የተከለከለ ሰው ግን ያንን ለማን ይናገራል? ስለዚህ በእገዳ ደብዳቤው ላይ ሠራተኛው ማስረጃ ለማየትና ቃሉን ለመስጠት የሚቀርብበት ቀን ሊጻፍ ይገባል።

እስካሁን የተናገርሁት የወር ደመወዝ ስላለው ቋሚ ሠራተኛ ነው። በአካባቢያችን ያለው ትልቁ የሠራተኛ ብዛት ግን በወቅቱ ብቻ የሚቀጠረው ለቃሚ ነው። ለቃሚ በኪሎ ይከፈለዋል፤ ቀዩ እሸት በዛፉ ላይ በሚበዛባቸው ጥቂት ሳምንታት የሚያገኘው ከወቅቱ መጀመሪያና መጨረሻ ጋር አይወዳደርም። ከአንድ ወር የማይበልጥ የተባለው እገዳ በእነዚያ ሳምንታት ላይ ከወደቀ፣ ጣሪያው ሳይጣስ ውሉ በሙሉ ያልቃል። ምርመራው ሲጠናቀቅ አሠሪው ማቋረጥም አያስፈልገውም፤ ወቅቱ ራሱ ያቋርጥለታል። የተጠረጠረው ለምሳሌ ጥሬውን ከቀዩ ቀላቅሎ በማስመዘን ከሆነ፣ ቅርጫቱ በዚያው ዕለት ታይቶ የሚወሰን ነገር ነውና እገዳው ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን ሊያልፍ የሚችልበት ምክንያት አይታየኝም። የአዋጁ ጣሪያ ከዚያ በላይ አትሂድ የሚል ወሰን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሁልጊዜ መሄድ ትችላለህ የሚል ፈቃድ አይደለም።

በኪሎ ለሚከፈለው ሰው ሌላው ችግር የታገደበት ቀን ደመወዝ ስንት ነው የሚለው ነው። ከመታገዱ በፊት የነበረው ሳምንት አማካይ ቢወሰድ፣ እገዳው ወቅቱ ሊጀምር ሲል ከሆነ ሠራተኛው ይጎዳል፤ ሊያልቅ ሲል ከሆነ ይጠቀማል። የተሻለው መለኪያ በዚያው ማሳ፣ በዚያው ቀን አብረውት ይለቅሙ የነበሩት ሰዎች ያስመዘኑት አማካይ ኪሎ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ በመዝጋቢው ደብተር ላይ በየዕለቱ ስላለ አዲስ ማስረጃ አይጠይቅም። ደብተሩ የአሠሪው ስለሆነም አልያዝሁም የሚል አሠሪ የሚቀርብበትን ግምት መቀበል አለበት።

በሌላው ጫፍ ያሉትን በአንድ አንቀጽ ልለፋቸው። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ወይም በአዋጁ ትርጓሜ «የሥራ መሪ» የሚባለው ሰው ከአዋጁ ውጭ ነው፤ የሚተዳደረው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና በራሱ ውል ነው። የመጋዘን ኃላፊ «ኃላፊ» ስለተባለ ብቻ ግን የሥራ መሪ አይሆንም። ፖሊሲ የማውጣት ወይም ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን የሌለውን ሰው በማዕረግ ስም ከአዋጁ ጥበቃ ለማስወጣት የሚደረገው ሙከራ በእገዳ ክርክር ላይ አዘውትሮ ይነሣል።

የመጨረሻው ነጥብ ስለ ይርጋ ነው፤ ታግዶ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሠራተኛ ሳያውቅ መብቱን የሚያጣው እዚህ ነውና። ያልተከፈለ ደመወዝን ለመጠየቅ አዋጁ የሚሰጠው ጊዜ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርበው ጥያቄ ደግሞ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። በኅዳር የታገደና የማቋረጫ ደብዳቤ ያልደረሰው ሰው «ውሳኔ እስኪሰጥ» እየጠበቀ ሰኔን ቢያልፍ፣ የኅዳር ደመወዙ በይርጋ ሊቀርበት ይችላል፤ የታኅሣሡም ይከተላል። የ3 ወሩ ቆጠራ ግን ገና አልጀመረም፤ አንቀጽ 27 ማቋረጡ ምክንያቱና ቀኑ ተገልጾ በጽሑፍ እንዲሰጥ ስለሚያዝ፣ ደብዳቤ በሌለበት ውሉ በሕይወት አለ ብሎ መከራከር ይቻላል። አሠሪው በበኩሉ «ከሥራ ቦታ ከራቀበት ቀን ጀምሮ ተቋርጧል» ማለቱ አይቀርም። ፍርድ ቤት በሕገ ወጥ መንገድ የተሰናበተን ሠራተኛ ወደ ሥራ ሲመልስ የሚወስነው ውዝፍ ደመወዝ በመጀመሪያ ደረጃ ከ6 ወር፣ በይግባኝ ከጸና ከ1 ዓመት አይበልጥም። የእገዳው ጊዜ ደመወዝ በዚህ ጣሪያ ውስጥ ሊጠቃለል አይገባም፤ ያኔ ውሉ አልተቋረጠም ነበርና፣ የሚጠየቀውም ራሱን የቻለ የደመወዝ ዕዳ ሆኖ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው የእገዳው ወር በሞላ ማግስት ለመሥራት ዝግጁ መሆኑን የሚገልጽ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጽፎ አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥቶ፣ በሌላው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን ማስደረግ አለበት። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካለ በሁለት ምስክሮች ፊት ማቅረቡን መጻፍ፣ ወይም በሪኮማንዴ መላክ ይችላል። በኋላ በሚዛን ወይም በቴፒ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ዳኛው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ለመሥራት ዝግጁ እንደነበርህ በምን ይታወቃል?» የሚል ነው።